የሕግ ምዕራፍ ሲጠቃለል ቃሉን መቅዳት አይበቃም

«የወንጀል ሕጉን የንብረት ወንጀሎች ክፍል አንብቤ ጨርሻለሁ፤ ለፈተና እንዲመቸኝ እንዴት ላሳጥረው?» ይህን ጥያቄ ከሕግ ተማሪዎች ደጋግሜ እሰማለሁ።

አብዛኛው ተማሪ ድንጋጌውን በአጭሩ መልሶ ይገለብጠውና ማጠቃለያ ይለዋል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 23 ግን ወንጀል ተፈጸመ የሚባለው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች ተሟልተው ሲገኙ ነው ስለሚል፣ ማጠቃለያውም በዚሁ መከፋፈል አለበት። ስርቆትን በሚመለከተው አንቀጽ 665 ሥር መጠየቅ ያለባቸው ነገሮች፣ ዕቃው የሌላ ሰው ነው ወይ፣ ተከሳሹ ከሌላው ይዞታ አውጥቶ ወስዶታል ወይ፣ ሲወስድስ የማይገባ ብልጽግና ለማግኘት ወይም ለሌላ ለማስገኘት አስቦ ነበር ወይ የሚሉት ናቸው።

ከሁሉ የሚያሳስተው ሁለተኛው ነው። አንድ ደንበኛ ቻርጅ እንዲደረግለት ስልኩን ለባለሱቅ ሰጥቶ ሄደ እንበል። ባለሱቁ ስልኩን ቢሸጠው፣ ዕቃው መጀመሪያውኑ በእምነት እጁ የገባ ስለሆነ ጉዳዩ በአንቀጽ 675 የተመለከተው እምነት ማጉደል ነው። መንገደኛ ከጠረጴዛው ላይ አንስቶት ቢሄድ ግን ስርቆት ነው። ስልኩ ያው፣ ጉዳቱም ያው ሆኖ ሳለ አንቀጹን የሚለየው ዕቃው ወደ ተከሳሹ እጅ የገባበት መንገድ ነው፤ በመሆኑም እነዚህን ሁለት አንቀጾች በተለያየ ገጽ የሚጽፍ ተማሪ ወጥመዱን ራሱ ያጠምዳል ባይ ነኝ።

መከላከያዎችንም በምዕራፉ መጨረሻ በአንድነት ማከማቸት አልወድም፤ እያንዳንዱ ከሚያፈርሰው ፍሬ ነገር አጠገብ ቢጻፍ ይሻላል። ሌላ ደንበኛ ያንኑ ስልክ የራሱ መስሎት ቢወስደው፣ በአንቀጽ 80 መሠረት የሚዳኘው በገመተው ሁኔታ ስለሆነ የስርቆት ሐሳብ የለውም። «መጠንቀቅ ነበረበት» ብሎ ደንበኛውን በቸልተኝነት በተፈጸመ ስርቆት ጥፋተኛ የሚያደርገው መልስ ደግሞ ይወድቃል፤ አንቀጽ 59 ቸልተኝነት የሚያስቀጣው ሕጉ በግልጽ ሲደነግግ ብቻ እንደሆነ ይናገራል፣ አንቀጽ 665 ደግሞ እንዲህ አይልም። ሌላ ማምለጫ ስለሌለው አደጋ የሚደነግገው አንቀጽ 75 ግን ሐሳቡን አያፈርስም፤ ፍሬ ነገሮቹ ሁሉ ተሟልተውም ቅጣትን ያስቀራል፤ ስለዚህ እሱን ለብቻው ጻፉት።

ፈተና አውጪ ታሪኩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ያራዝመዋል፦ ያ የተሳሳተ ደንበኛ ማታ ቤቱ ገብቶ ስልኩ የእሱ አለመሆኑን አወቀ፣ በማግስቱም ሸጠው። ሐሳቡ የመጣው ከወሰደ በኋላ ስለሆነ 665ን መጥቀስ አያዋጣም፤ ባለቤቱ አምኖ ስላልሰጠውም 675 አይገጥምም። በስህተት እጅ የገባን ንብረት የራስ ስለማድረግ የሚደነግገውን ክፍል ፈልጎ ማምጣት ያስፈልጋል፤ ማጠቃለያው ውስጥ «ሐሳቡ መቼ መጣ?» የሚል ጥያቄ የሌለው ተማሪ ግን እዚያ አይደርስም።