በ f/22 የጠፋን ዝርዝር ከሶፍትዌር አትጠብቁ

«ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ እንዲወጣ አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው ዝጋው» የሚለው ምክር ስንት ጥሩ ፎቶ እንዳበላሸ ሳስብ ያንገበግበኛል። ለኤዲቲንግ ከሚመጡልኝ ፎቶዎች ብዙዎቹ በትራይፖድ፣ በዝቅተኛ ISO እና በትክክለኛ ፎከስ የተነሡ ሆነው ሳለ አፐርቸሩ በጣም ተዘግቶ በ f/22 ስለተነሡ ብቻ ደብዘዝ ብለው ይደርሱኛል፤ «ትንሽ ሻርፕ አድርግልን» የሚል መልእክትም አይቀርም።

ሰሞኑን የመጣልኝን የሕንፃ ፎቶ እንውሰድ። ካሜራው 24 ሜጋፒክስል ኤፒኤስ-ሲ፣ ሌንሱ 24 ሚሊሜትር፣ ሕንፃው ደግሞ 20 ሜትር ያህል የራቀ ነው። ፎቶውን በ100% ስከፍተው የመስኮቶቹ ቀጫጭን ብረቶች እርስ በርስ ተዋህደው ግራጫ ሆነዋል። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚሰራጭ አንዲት ነጥብ ሴንሰሩ ላይ ክብ ሆና ታርፋለች፤ ዲፍራክሽን የምንለው ይህ ነው። የክቡ ስፋት በ f/8 ወደ 11 ማይክሮን፣ በ f/22 ግን ወደ 30 ማይክሮን ይደርሳል። የዚህ ካሜራ አንድ ፒክስል 4 ማይክሮን ገደማ ስለሆነ በ f/22 አንዷ ነጥብ ከሰባት ፒክስል በላይ ትሸፍናለች ማለት ነው፤ ሌንሱ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ይህ አይለወጥም።

ሻርፕ ማድረጊያው የሚሠራው ፎቶው ውስጥ ያለውን የጠርዝ ልዩነት በማጉላት ነው። በ f/11 የሚታየውን ቀላል ልስላሴ በደንብ ያካክሳል፤ ሙሉ በሙሉ የተዋሃዱትን መስመሮች ግን መልሶ ሊለያያቸው አይችልም። የሻርፕ ማድረጊያውን ቁጥር ከፍ ሳደርገው ያገኘሁት በግድግዳው ጠርዝ ላይ ነጭ ጥላና በሰማዩ ላይ ሻካራ ኖይዝ ብቻ ነበር።

ይበልጥ የሚያበሳጨው f/22 እዚህ ጭራሽ አስፈላጊ አለመሆኑ ነው። ፎከሱ ሕንፃው ላይ ሆኖ f/8 ቢመረጥ፣ ከ3 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ ሩቁ ድረስ በተለመደው መለኪያ ጥርት ብሎ ይወጣ ነበር። እስከ መጨረሻው መክፈትም መፍትሔ አይደለም፤ በዚያ ጊዜ የሌንሱ የራሱ ጉድለቶች በተለይ ማዕዘኖቹን ያደበዝዛሉ። ከ f/2.8 የሚጀምር ሌንስ አብዛኛውን ጊዜ ምርጥ ውጤቱን የሚሰጠው ከ f/5.6 እስከ f/8 ባለው ነው።

የራሳችሁን ሌንስ ለማወቅ ካሜራውን በትራይፖድ አቁሙ፣ ፎከሱን ቆልፉ፣ በሁለት ሴኮንድ ታይመር በየአፐርቸሩ አንድ አንድ አንሡና መሃሉን አወዳድሩ። ፎከስ ሲሳት አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ርቀት ላይ የጠራ ቦታ ይገኛል፤ ካሜራ ሲነቃነቅ ድብዛዜው አቅጣጫ አለው፤ ዲፍራክሽን ግን ፎቶውን ሁሉ እኩል ያለሰልሰዋል። ፏፏቴን ለማለስለስ ሸተሩን ለማዘግየት ብቻ f/22 የምትመርጡ ደግሞ f/8 ላይ ቆዩና ስምንት እጥፍ የሚያጨልም ኤንዲ ፊልተር ግጠሙ፤ ያንኑ የሸተር ጊዜ ታገኛላችሁ።