ስልክ ስላነሣው ልጅ

«ልጁ ፍርድ ቤት ካልቀረበ ጥፋቱን በምን ያውቃል?»

ወንድሜ፣ እዚህ ጎንደር በሽምግልና የተቀመጥኩበትን አንድ ጉዳይ ልንገርዎ። የ14 ዓመት ልጅ ቅዳሜ ገበያ ካለ ሱቅ ስልክ አንሥቶ ሸጠ፤ የመጀመሪያ ጥፋቱ ነበር። እናቱና አንድ ፖሊስ ባሉበት ከባለሱቋ ፊት አስቀመጥነው። እሷም ስልኩ ውስጥ የሟች አባቷ ፎቶግራፍ እንደነበረ ነገረችው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ቀና ብሎ ይመልስልን ነበር፤ ያኔ ግን አንገቱን ደፋ።

እናቱ ፍየል ሸጣ ወዲያው ልትከፍል ፈለገች። እኛ እንቢ አልን፤ ቅጣቱ የእሷ ይሆን ነበርና። ልጁ ለ8 ሳምንት ቅዳሜ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሱቁን እንዲጠርግና ዕቃ እንዲደረድር፣ ዋጋውም ከዕዳው እንዲቀነስ ተስማማን። ቀሪውን ባለሱቋ ማረችው።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ልጅ ቶሎ ወደ ቤቱ ለመግባት ሲል ያላደረገውንም ያምናል! ስለዚህ «አዎ» ማለቱ ብቻ አይበቃንም። ስልኩ የት እንደነበረ፣ በስንት እንደሸጠው ሳንመራው ራሱ እንዲተርክ እናደርጋለን። የከሳሹን ቃል ብቻ የሚደግም ከሆነ፣ ወይም ከካደ፣ ሽምግልናው እዚያው ይቆማል፤ ማስረጃ የሚመዝነው ፍርድ ቤት ነው። እዚያም ቢሆን፣ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ እንደ አዋቂ አይቀጣም፤ ከአዋቂ እስረኞች ጋርም አይታሰርም።