ውዳሴ ለሙቀጫው ሊቅ

አገራችን ለስንቱ ሜዳልያ ስታጠልቅ፣ ቤቱ ተቀምጦ ኪኒን የሚፈጨውን ሊቅ እስካሁን ማንም አላስታወሰውም። ግፍ ነው። ፋርማሲስቱ ዓመታት ፈጅቶ የተማረውን እሱ በአንድ ዘነዘና ይገላግለዋል።

እማማ ኪኒን አልዋጥ ብሏቸዋል እንበል። የታዘዘላቸው የደም ግፊት መድኃኒት ኒፌዲፒን ሪታርድ ነው፤ 20 ሚሊግራም፣ ጠዋት አንድ ማታ አንድ። የበኩር ልጅ ሆዬ ሐኪም ቤት ድረስ ምን ያደክመዋል? ቡና የሚወቀጥበትን ሙቀጫ ለቅለቅ አድርጎ፣ ኪኒኗን ቢጫ ዱቄት እስክትሆን ወቅጦ፣ በማር ለውሶ «እንቺ እማዬ፣ ላሺው» ይላል። እናቱን የሚወድ ልጅ እንዲህ ነው።

የፋብሪካው ሰዎች ያቺን ኪኒን የሠሯት መድኃኒቱን ጠብ ጠብ እያደረገች እንድትለቅ፣ 20ውን ሚሊግራም ለግማሽ ቀን እንድታብቃቃ ነበር። ሊቃችን ግን እንዲህ ያለ ቁጥቁጥነት አይወድም። የ12 ሰዓቱን ድርሻ በአንድ ማንኪያ ያጎርሳል። ብዙም ሳይቆይ የእማማ ፊት ይቀላል፣ ራሳቸውን ይወቅራቸዋል፣ ልባቸው ድው ድው ይላል። «አየሽ፣ መድኃኒቱ ሠራ!» ይላል ልጅ። እንዴታ! የደም ሥሮቻቸው ባንዴ ስለተከፈቱ ግፊቱ ቁልቁል ወርዷል፤ ልብም ጉድለቱን ለመሙላት እየሮጠች ነው። እማማ ከመቀመጫቸው ብድግ ሲሉ ዓይናቸው ይጨልማል። አመሻሽ ላይ መድኃኒቱ ቀድሞ ስላለቀ ግፊቱ ተመልሶ ይወጣል፤ ያኔ ሊቁ «ይሄ መድኃኒት ፎርጅድ ነው» ብሎ ይፈርዳል።

ለነገሩ ለዚህ ጥበብ አባቶች አሉት። አንድ ሰሞን ሐኪሞችም ፈጣኑን የኒፌዲፒን ካፕሱል በስተው ምላስ ሥር እያደረጉ ግፊት ያወርዱበት ነበር። ግፊቱ እንደዚያ ሲወድቅ አንጎልና ልብ ደም እያጠራቸው ስትሮክና ድንገተኛ የልብ ሕመም ሲያስከትል ታየ፤ በፈረንጆቹ 1990ዎቹም በብርቱ ማስጠንቀቂያ ተውት። ሐኪሞች ቶሎ ተስፋ ይቆርጣሉ፤ የኛ ሊቅ ግን ያው ሙቀጫው እጁ ላይ ነው።

አርቆ አሳቢነቱም አይረሳ። የማታውን ጠዋት ፈጭቶ መስኮት ላይ ያስቀምጥላቸዋል፤ ኒፌዲፒን ብርሃን ሲያገኘው እንደሚበላሽ የሚያስታውሰው ምቀኛ ብቻ ነው። በማሸጊያው ላይ «ሪታርድ»፣ «ኤስ አር» ወይም «ኤክስ አር» የሚል፣ ኪኒኗ መድኃኒቱን ቀስ ብላ እንደምትለቅ የሚናገር ጽሑፍ ካየም ጌጥ ነው ብሎ ያልፈዋል። ኪኒን መሐሉ ላይ መስመር ካለው ደግሞ «ስበረኝ ብሎ ተሠርቶ!» ይላል። እርግጥ እንደ ሜቶፕሮሎል ሰክሲኔት ያሉ፣ በመስመራቸው ለሁለት ቢከፈሉ ቀስ ብሎ መልቀቃቸውን የማያጡ ጥቂቶች አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ መፈጨትና መታኘክ አይወዱም። የትኛው ይከፈላል የትኛው አይከፈልም የሚለውን ፋርማሲስት መጠየቅ ግን ለሊቅ ውርደት ነው።

ሙቀጫ ያልገዙ ምስኪኖች ምን ያደርጋሉ? እማማን ቀጥ አድርገው ያስቀምጣሉ፤ አስቀድመው ውኃ ያስጎነጯቸዋል፤ ኪኒኗን ምላስ ላይ አድርገው ከንፈራቸውን ከሚጨመቅ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ አፍ ግጥም አድርገው እየመጠጡ እንዲውጡ ያደርጓቸዋል። ካፕሱል ከሆነ ደግሞ ስለሚንሳፈፍ አንገትን ቀና ሳይሆን ወደ ፊት ደፋ አድርጎ መዋጥ ይቀላል። ይህ ሁሉ ታዲያ ውኃ ሲጠጡ ትን ለማይላቸው ነው። ትን የሚላቸው ከሆነ፣ ወይም መዋጥ ያቃታቸው በቅርቡ ከሆነ፣ ጣጣው ኪኒኗ ላይሆን ይችላልና ጉሮሯቸውን ሐኪም ይይላቸው ብለው ይወስዷቸዋል። ከሁሉ የሚያናድደው፣ የተፈጨች ኪኒን ቀድሞ ሰጥቶ እማማ ራሳቸውን ሲስቱ ወይም ደረታቸውን ሲያማቸው፣ ማር ከመጨመር ይልቅ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚሮጥ ልጅ መኖሩ ነው።

ሐኪሙም ቢሆን ሙያ የለውም። «መዋጥ አቃታት» ሲሉት መድኃኒቱን ይቀይረዋል። ለምሳሌ አምሎዲፒን ያዝዛል፤ ይህ በተፈጥሮው ከሰውነት የሚወጣው በዝግታ ስለሆነ ተራው ኪኒን በቀን አንዴ ይበቃል፤ ለ24 ሰዓት የሚያቆየው የኪኒኑ አሠራር ሳይሆን መድኃኒቱ ራሱ ነው። መጠኑም ከኒፌዲፒኑ ሚሊግራም ጋር የሚመነዘር አይደለም፤ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ በ5፣ ለአቅመ ደካማ አዛውንት በ2.5 ሚሊግራም ጀምሮ፣ ግፊቱን እየለካ ያስተካክለዋል። ተራው አምሎዲፒን ፋርማሲስቱ ከፈቀደ ተፈጭቶ፣ በጥቂት ውኃ ተበጥብጦ ወዲያው ይጠጣል።

ሊቁ ይህን ሲሰማ ከፋው። ፈቃድ የተሰጠበት መፍጨት ምን ክብር አለው?