ፎቶው እውነት ነው፤ የሒሳቡ ባለቤትስ ማን ነው?

«ፎቶው እውነተኛ ነው፤ አደጋውም በእርግጥ ደርሷል። ታዲያ ገንዘቡን ከመላክ ምን ያግደናል?»

ይህን የጻፉት ሐዋሳ ታቦር አካባቢ ባለው እድራችን የቴሌግራም ቡድን ውስጥ አንዲት እናት ነበሩ፤ ወሩ ሐምሌ፣ ዓመቱ 2016 ነበር። ሐምሌ 15 ቀን በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የመሬት ናዳ ደርሶ፣ የተቀበሩትን ለማውጣት በተሰበሰቡት ሰዎች ላይ ደግሞ ሁለተኛ ናዳ ወርዶባቸው ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ሐዋሳ የቀድሞው የደቡብ ክልል መቀመጫ ስለነበረች፣ ከሳውላና ከአካባቢው መጥቶ በከተማችን የሚኖረው ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። በእኛ እድር ውስጥም ዘመድ የተቀበረባቸው ሰዎች ነበሩ። እናም በሦስተኛው ቀን በአካፋና በእጃቸው ጭቃ የሚቆፍሩ ሰዎች ምስል፣ የአንድ የታወቀ የእርዳታ ድርጅት ዓርማና የባንክ ሒሳብ ቁጥር ያለበት ማስታወቂያ በቡድናችን ሲለጠፍ፣ ልቡ ያልተነካ አልነበረም።

የሐሰት የእርዳታ ጥሪ የሚያዘጋጅ ሰው አደጋ መፈልሰፍ አያስፈልገውም። አደጋው ደርሶለታል፤ ምስሉም በዜና ተሰራጭቶለታል። ከእሱ የሚጠበቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በማስታወቂያው ግርጌ ያለውን የሒሳብ ቁጥር መለወጥ። ስለዚህ የምስሉን እውነተኛነት ብቻ የሚመረምር ሰው ሌባው ያልነካውን ክፍል እየመረመረ ነው። በጎግል ሌንስ ፎቶ መፈለግ የሚጠቅመው የቆየ ወይም የሌላ አገር ምስል ለአዲስ አደጋ ሲውል ነው፤ እንዲያ ሲሆን የቀድሞው ቀን ይወጣና ነገሩ ይጋለጣል። በእኛ ጉዳይ ግን ፍለጋው ያሳየን የዚያኑ ሳምንት ዜና ነበር፤ ይህም ስለ ገንዘቡ መድረሻ ምንም አይነግረንም።

እኔ በበኩሌ በመጀመሪያ ያደረግሁት ቀላሉን ነው። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የስልክ መተግበሪያ ገንዘብ እንደሚልክ ሰው ሆኜ የሒሳብ ቁጥሩን አስገባሁ። መተግበሪያው ዝውውሩን እንድናጸድቅ ከመጠየቁ በፊት የተቀባዩን ስም ያሳያል፤ እዚያ ላይ ማቆም ይቻላል፤ አንድም ብር አይወጣም። የወጣው የድርጅቱ ስም ሳይሆን የአንድ ግለሰብ ስም ነበር። በቴሌብርም ቢሆን ዝውውሩን ከማጽደቅ በፊት በስክሪኑ ላይ የሚታየውን የተቀባይ ስም ሳያነብቡ የሚስጥር ቁጥር ማስገባት ተገቢ አይደለም።

እዚህ ላይ ግን ፍርድ እንዳንቸኩል እፈልጋለሁ። የግለሰብ ስም መውጣቱ ብቻውን የማጭበርበር ማስረጃ አይሆንም። በገጠር ቀበሌ አደጋ ሲደርስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰበሰበው ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚገባው በአንድ ታማኝ ሰው ሒሳብ ነው፤ ምክንያቱም ትናንት የተቋቋመ ኮሚቴ በራሱ ስም ሒሳብ ለመክፈት የድጋፍ ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤና የፈራሚዎች መታወቂያ ማሟላት ይኖርበታል፤ ይህ ደግሞ ቀናት ሊወስድ ይችላል። አጭበርባሪው የሚሠራውም በዚሁ ክፍተት ውስጥ ነው፤ ሰው ለመስጠት ከሁሉም በላይ በሚቸኩልበትና ትክክለኛው ሒሳብ ገና ባልታወቀበት ጊዜ። ስለዚህ መታየት ያለበት ማስታወቂያው የሚለውና ስክሪኑ የሚያሳየው መስማማታቸው ነው። «የሰፈራችን ልጅ እገሌ በስሙ እየሰበሰበ ነው» የሚል ጥሪ የእገሌን ስም ቢያሳይ ቃሉን ጠብቋል፤ እገሌን የሚያውቀው ሰው ማን እንደሆነ መጠየቅ ይቀራል። የድርጅት ዓርማ ለጥፎ የግለሰብ ስም የሚያሳይ ጥሪ ግን ከራሱ ቃል ጋር ተጋጭቷል።

ሁለተኛው ሥራ ስልክ መደወል ነበር፤ ስህተት የሠራነውም እዚህ ላይ ነው። የእድሩ ጸሐፊ በማስታወቂያው ላይ ወዳለው ቁጥር ደወሉ። የመለሰላቸው ሰው ትሑት ነበር፤ የቀበሌውን ስም ያውቃል፣ ስለ ናዳውም በዝርዝር ተናገረ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ጸሐፊያችንም ረክተው ተመለሱ። ነገር ግን ቁጥሩን የጻፈው ሰውና ስልኩን ያነሣው ሰው አንድ ከሆኑ ጥሪው ምን ሊያረጋግጥልን ይችላል? ማረጋገጫ የሚሆነው ማስታወቂያው ላይ በሌለ፣ ከሌላ ቦታ ባገኘነው ቁጥር ሲደወል ነው። በማግስቱ የእድሩ ገንዘብ ያዥ ከድርጅቱ ሠራተኞች መካከል የሚያውቁትን ሰው ጠየቁ፤ ሰውየውም የድርጅቱን ትክክለኛ ማስታወቂያ ላከላቸው። ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። ቀለሙ፣ ዓርማውና ፎቶው አንድ ነበሩ። የሒሳብ ቁጥሩና የስልክ ቁጥሩ ብቻ የተለያዩ ሲሆኑ፣ ምስሉን ስናጎላው የቁጥሮቹ ፊደል ከሌላው ጽሑፍ ይልቅ ወፍራም፣ ከበስተኋላው ያለው ሰማያዊ ቀለምም ትንሽ የደበዘዘ ነበር። ቀድሞ የነበረው ተሸፍኖ አዲስ እንደተጻፈበት በግልጽ ይታይ ነበር።

ከእድራችን አባላት ሁለቱ ግን ከዚያ በፊት ልከው ነበር። እንዲህ ሲያጋጥም የሰዓት ጉዳይ ወሳኝ ነው። ባንኩ በተቀባዩ ሒሳብ ላይ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ካለ፣ ገንዘቡ ወጪ ሳይሆን ወይም ወደ ሌላ ሒሳብ ሳይዛወር ነው። ስለዚህ ደረሰኙ ላይ ያለውን በFT የሚጀምር የዝውውር ቁጥር ይዞ ወዲያውኑ ለንግድ ባንክ በ951፣ በቴሌብር ከሆነ በ127 መደወል፣ ከዚያም ማስታወቂያውን፣ የተለጠፈበትን ሰዓትና ደረሰኙን ይዞ ለፖሊስ ማመልከት ያስፈልጋል። ብዙዎች የሚሳሳቱት የተለጠፈውን ምስል በንዴት ከስልካቸው ስለሚያጠፉት ነው፤ ማስረጃው ግን እሱ ነው። ባንኩም የሒሳቡን ባለቤት አድራሻም ሆነ ቀሪ ገንዘብ ለጠያቂው አይነግርም፤ የደንበኛን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ስላለበት ጉዳዩ በፖሊስ በኩል መሄድ አለበት። የአንደኛው አባል ገንዘብ አልተመለሰም።

በውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን «ይህን የጎፈንድሚ ጥሪ አጣሩልን» ሲሉን ደግሞ ጥያቄው አንድ እርምጃ ይጨምራል። በኢትዮጵያ ባንክ ያለ ሒሳብ ከዚያ ገጽ በቀጥታ ገንዘብ መቀበል ስለማይችል፣ አዘጋጁ የግድ በውጭ የሚኖር ሰው ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ከአዘጋጁ ሒሳብ ወጥቶ እዚህ በማን ስም፣ በየትኛው መንገድ እንደሚገባ በገጹ ላይ ተጽፎ መገኘት ይኖርበታል። ካልተጻፈ እዚያው ገጽ ላይ በአደባባይ መጠየቅ ነው። እውነተኛ አዘጋጅ እዚህ ያለውን ተቀባይ ለመጥቀስ አይቸገርም፤ ስለ ሐዘኑ ብቻ እየጻፈ ይህን ጥያቄ የሚያልፍ ሰው ላይ ግን እኔ ገንዘቤን አልጥልም።

በእድራችን ለጎፋ የተዋጣው ገንዘብ በአራት ቀን ዘግይቶ በድርጅቱ ትክክለኛ ሒሳብ ገባ፤ ገንዘብ ያዡም ደረሰኙን በቡድኑ ለጠፉት። መጀመሪያ ጥያቄውን የጻፉት እናት ደረሰኙን አጉልተው አንብበው፣ የተቀባዩን ስም በራሳቸው እጅ ጽፈው ከሥሩ አኖሩት።