እርማት፦ ምሰሶ በሌለው ማሽን ላይ ውኃ መጨመር አይጠቅምም

«መሐሉ ላይ ምሰሶ የሌለው ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውኃው ስለሚያንስ አያጸዳም፤ ውኃ ጨምሩበት።»

ችግሩ የውኃ ማነስ አይደለም። ከላይ ከሚከፈቱት ማሽኖች መካከል ባለ ምሰሶው ልብሱን በክንፎቹ እየጎተተ በውኃ ውስጥ ስለሚያመላልሰው ብዙ ውኃ ይፈልጋል፤ ከታች የሚሽከረከር ዝርግ ሳሕን ብቻ ያለው ግን በዋናነት የሚያጸዳው እርጥቡ ልብስ እርስ በርሱ ሲፋተግ ነውና፣ ውኃው ከመጠን ሲያልፍ ልብሱ ይንሳፈፍና መፋተጉ ይቀንሳል። ስለዚህ የልብሱን ብዛት መቀነስና መሐሉን ክፍት ትቶ በገንዳው ዙሪያ ላላ አድርጎ መደርደር ይሻላል፤ በአጠባው ወቅት ከላይ ያለው ልብስ ቀስ በቀስ ወደ ታች ካልገባ ጭነቱ በዝቷል ማለት ነው። ምሰሶው ጭቃ ለጠጣ የሥራ ልብስ ይበረታል፤ የነጠላ ዘርፍ ግን ይጠመጠምበትና ይጎተታል። ሳሕኑ ለጨርቅ ቢራራም፣ አንሶላን ማጠላለፉ አይቀርም።