ፍየሎቹ ለማን ታረዱ?

«የግሪኮቹ ይሻላሉ» አለ የሒሳብ ባለሙያው ወዳጃችን። «እዚያ የእያንዳንዱ ድርሻ ይታወቃል። ጦርነት የአሬስ ነው፣ አዝመራ የዴሜተር፣ ባሕር የፖሲዶን። የኖርሶቹ ግን ዝብርቅርቁ የወጣ ነው። ለጦርነት ብቻ ሦስት አራት አምላክ አላቸው።»

ኖርሶች ያላቸው ክርስትና ከመግባቱ በፊት በስካንዲኔቪያና በአይስላንድ ይኖሩ የነበሩትን ነው። ቡና ላይ አራት ነበርን። ከእሱ ሌላ የድሮ የአይስላንድ ትረካዎችን እያሳደደች የምታነብ አንዲት ወዳጃችን፣ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር እና እኔ። ሴትዮዋ ገና ከጅምሩ አልተዋጠላትም። «ድርሻው የታወቀው በማን ነው? የት ተጽፎ?» አለችው።

መልስ ነበረው። የሆሜር የጦርነት ግጥም ኢሊያድ፣ 15ኛው መጽሐፍ። ፖሲዶን የትሮይ ጦርነት ውስጥ ገብቶ ግሪኮቹን ሲያግዝ ዜውስ መልእክተኛ ልኮ «ውጣ» ይለዋል። ፖሲዶን በጣም ይቆጣል። እኛ የአንድ አባት ልጆች ሦስት ወንድማማቾች ነን ይላል። ዕጣ ስንጣጣል ለእኔ ባሕሩ ወጣልኝ፣ ለሃዴስ የሙታን ጨለማ፣ ለዜውስ ሰማዩ። ምድርና የኦሊምፐስ ተራራ ግን የሦስታችንም ናቸው። እሱ በሲሶው ይርጋ፤ እኔን አያስፈራራኝ።

«ይኸውልሽ» አለ ወዳጃችን። «ልክ ወንድማማቾች የአባታቸውን መሬት በዕጣ ተካፍለው የግጦሹን በጋራ እንደሚተዉት ነው። ሥርዓት ማለት ይህ ነው።»

«እሺ፣ ጦርነትስ ለማን ወጣ?» አለችው። ዝም አለ። በዚያ ዕጣ ውስጥ ጦርነት የለማ! አዝመራም የለም። ቦታ ነው የተከፋፈሉት። ደግሞ ጦርነት በግሪኮች ዘንድ የአሬስ ብቻ አይደለም፤ አቴናም አለች። በዚያው ኢሊያድ፣ 5ኛው መጽሐፍ ላይ፣ ሁለቱ ፊት ለፊት ይገጥማሉ። ዲዮሜደስ የሚባለው ግሪካዊ ጦሩን ሲሰብቅ አቴና ገፍታ አሬስ ሆድ ላይ ትተክለዋለች። አሬስ እየጮኸ ወደ ዜውስ ይሮጣል። አባቱም ያጽናናዋል ሲባል ከኦሊምፐስ አማልክት ሁሉ የምጠላው አንተን ነው ይለዋል።

«አንዱ እርዱና ደሙ ነው፣ ሌላዋ ስልቱና ከተማ መጠበቁ» አለ ወዳጃችን። «ይሄም ክፍፍል ነው።»

«ክፍፍል ነው፤ ግን የጦርነት አምላክ የሚባል የለም ማለት ነው። የጦርነት ዓይነት አምላክ ነው ያለው።»

እዚህ ላይ እሷ ልክ ነበረች። ቀጥላ ወደ ራሷ ሰዎች ዞረች። ኖርሶቹ ጦርነትን የከፈሉት በዓይነቱ ሳይሆን እንደ ሂደቱ ነው አለች። ከውጊያው በፊት ድል ለማግኘት ቲር ይጠራል፤ ስሙ ሰይፍ ላይ ከሚቀረጽ የድል ምልክት ጋር ሁለት ጊዜ እንዲጠራ የሚመክር ጥንታዊ ግጥም አለ። ማን ያሸንፍ፣ ማን ይሙት የሚለውን የሚወስነው የአማልክቱ አለቃ ኦዲን ነው። እሱም አይታመንም፤ ለደካማው ድል ሰጥተሃል ተብሎ ተወቅሷል። ከሞት በኋላ ደግሞ የወደቁትን ኦዲንና ፍሬያ እኩል ይካፈሏቸዋል። ፍሬያ የፍቅር አምላክ ተብላ ነው ዝርዝር ውስጥ የምትገባው፤ ከሙታኑ ግማሹ ግን የእሷ ነው።

ባሕሩም እንዲሁ። ንዮርድ ነፋሱን ይገራል፣ ማዕበሉን ያበርዳል፣ ዓሣ አጥማጁን ያበለጽጋል። ኤጊር ራሱ ባሕሩ ነው ማለት ይቻላል። ሚስቱ ራን መረብ አላት፤ የሰመጠውን ሰው የምትወስደው እሷ ናት። ባሕር ለሚኖርበት ሰው ሲሳዩ፣ ውሃውና መስመጡ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «ዝብርቅርቅ ያልከው ይሄንን ነው?» አለችው።

እስካሁን ዝም ብለው የነበሩት መምህሩ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ሁለታችሁም የምታወሩት ስለ ተረቱ ነው» አሉ። «እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ሰዎቹ ሲጨንቃቸው ለማን አረዱ?»

ከዚያ የማራቶንን ነገር አነሱ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ490 ዓመት ፋርሶች አቴንስ አጠገብ ሲወርዱ አቴናውያን ስለት ተሳሉ። በገደልነው ጠላት ልክ ፍየል እናርዳለን አሉ። አሸነፉ። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ የሞቱትን ፋርሶች 6,400 ያደርሳቸዋል። ያን ያህል ፍየል ከየት ይምጣ? አልተገኘም። ስለዚህ በየዓመቱ 500 ለማረድ ወሰኑ። የአቴንሱ ጸሐፊ ዜኖፎን ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ሲጽፍ ዛሬም እያረዱ ነው ይላል።

«ለማን ይመስላችኋል?» አሉ መምህሩ። ወዳጃችን ለአሬስ እንዳይል ፈርቶ «ለአቴና» አለ። «አይደለም። ለአርጤምስ ነው። ለአውሬ አዳኟ!»

ስፓርታውያንም ከጠላት ጋር ሲፋጠጡ፣ ሊገጥሙ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ፍየል የሚያርዱት ለእሷው ነበር። አርጤምስ የዱሩና የዳር አገሩ ናት። ሰው ከተማውን ለቆ ሞት ወዳለበት ሜዳ ሲሻገር ያ ወሰን የእሷ ነው።

«ታዲያ ጋሼ፣ ኖርሶቹስ?» አለች ሴትዮዋ፣ ደስ ብሏት። «የእነሱም ያው ነው» አሏት። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አይስላንድ ከሄዱት ሰፋሪዎች አንዱ «ቀጭኑ ሄልጊ» ይባላል። የሰፈራው መዝገብ እንደሚለው እምነቱ የተቀላቀለ ነበር። በክርስቶስ ያምናል፤ ለባሕር ጉዞና ለከባድ ነገር ግን ቶርን ይጠራል። አይስላንድን ባየ ጊዜ የት ልስፈር ብሎ የጠየቀውም ቶርን ነው፤ ወደ ሰሜን ላከው። መኖሪያውን ግን በክርስቶስ ስም ሰየመው። «ንዮርድ የታለ?» አሉ መምህሩ። «የባሕር ጉዞ የንዮርድ ነው አላልሽም?»

አልመለሰችም። ቶር በዝርዝሩ ላይ የነጎድጓድ አምላክ ነው። ባሕር ላይ የሚገድለው ግን ማዕበልና ነፋስ ነው፤ ማዕበሉ ደግሞ ከሰማይ ይመጣል። ሄልጊ የጠራው አደጋውን የሚችለውን ነው።

መምህሩ እግረ መንገዳቸውን ወደ እኛም አካባቢ መጡ። በአዱሊስ ወደብ አንድ የአክሱም ንጉሥ በግሪክኛ ያስጻፈው ጽሑፍ ነበር፤ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የሚባለው ተጓዥ ገልብጦ አቆይቶልናል። ንጉሡ ዘመቻውን ከዘረዘረ በኋላ ወደ አዱሊስ ወርዶ ለዜውስ፣ ለአሬስና ለፖሲዶን መሥዋዕት አቀረብኩ ይላል። ለምን ቢባል በባሕር ለሚጓዙት ሰዎች ሲል። መርከበኛውን ለመጠበቅ የባሕሩ ጌታ ብቻ አልበቃውም፤ የሰማዩንና የጦሩንም ጨመረ። ይህን ስሰማ ነው ነገሩ ለእኔ ግልጽ የሆነልኝ።

ወዳጃችን በዚህ አልተረታም። ጥሩ ጥያቄ አመጣ። «ታዲያ ‹ንዮርድ የባሕር፣ ፍሬይር የዝናብና የአዝመራ፣ ቲር የድል› የሚለው ዝርዝር ከየት መጣ?» አለ። መልሱ ስኖሪ ስቱርሉሶን ነው። አይስላንዳዊ፣ ክርስቲያን፤ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1220 ገደማ፣ አይስላንድ ክርስትናን ከተቀበለች ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ። የጻፈውም ወጣት ገጣሚዎች የድሮውን ግጥም እንዲገባቸው ነው። ለመማሪያ ዝርዝር ይመቻል። ከእሱ 150 ዓመት ያህል ቀድሞ የጻፈው የብሬመኑ አዳም የስዊድኑን የኡፕሳላ ቤተ መቅደስ ሲገልጽ አከፋፈሉ ሌላ ነው። ወረርሽኝና ረሃብ ሲያሰጋ ለቶር፣ ጦርነት ሲመጣ ለኦዲን፣ ሰርግ ሲሆን ለፍሬይር ይሠዋል። እህሉ ከቶር ጋር ነው፤ ዝናቡ የእሱ ስለሆነ። አዳምም ቢሆን የሰማውን እንጂ ያየውን አልጻፈም። ሁለቱ ግን አይገጥሙም።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። መምህሩ በአምልኮው ጉዳይ አሸንፈዋል። ሰው መሥዋዕት ያቀረበው እንደ ጭንቀቱ እንጂ እንደ ዝርዝሩ አይደለም። የግሪኩ ገበሬም እርፉን ጨብጦ የመጀመሪያውን ትልም ሲያወጣ ወደ ምድር ዜውስና ወደ ዴሜተር አብሮ እንዲጸልይ ጥንታዊው ገጣሚ ሄሲዮድ ይመክረዋል። ለዴሜተር ብቻ አላለም።

ግን ተረቱን ጥለን አምልኮውን ብቻ እንያዝ የሚለውን አልቀበልም። ሁለቱ ሕዝቦች በእውነት የሚለያዩት እዚያ ነው። በግሪኮች ዘንድ ድርሻ መብት ነው፤ ዜውስ እንኳ አይነጥቀውም። ልጇ ፐርሰፎኒ ወደ ሙታን ዓለም ስትወሰድባት ዴሜተር ምን አደረገች? አልተዋጋችም። ዘሩን መሬት ውስጥ ደበቀችው። ሰው ሊያልቅ ሆነ፤ ሰው ካለቀ ደግሞ አማልክቱ መሥዋዕት አያገኙም። ዜውስ አማልክቱን አንድ በአንድ ለልመና ላከ፤ አልሰማችም። በመጨረሻ እሱ ሸነፍ አለ። ልጅቷ ከዓመቱ ሲሶውን ከታች፣ ሁለት እጁን ከእናቷ ጋር እንድትሆን ተስማሙ። ሰማይ የዜውስ ቢሆንም አንዲት የስንዴ ቅንጣት ማብቀል አልቻለም። ወዳጃችን «ሥርዓት» ያለው ይህንን ከሆነ ትክክል ነው።

ኖርሶቹ ዘንድ እንዲህ ያለ ድርሻ አላገኘሁም። እዚያ ሁሉም ነገር በዝምድና፣ በጋብቻና በካሣ ነው የሚሄደው። ንዮርድና ልጁ ፍሬይር የመጡት ቫኒር ከሚባለው ሌላ የአማልክት ወገን ነው። ሁለቱ ወገኖች ተዋግተው ሲታረቁ መያዣ ተለዋወጡ፤ ባሕሩና አዝመራው ወደ ኦዲን ቤት የገቡት በዚህ እርቅ ነው። ወጣትነትን የምትጠብቀው ኢዱን በግዙፉ ትያዚ ስትጠለፍም አማልክቱ አረጁ፣ ሸበቱ። ሊመልሷት ሲሉ ትያዚ ተገደለ። ልጁ ስካዲ ታጥቃ የአባቷን ደም ካሣ ልትጠይቅ መጣች። ካሣዋ ባል ሆነ። እግራቸውን ብቻ እያየች እንድትመርጥ ተደረገ፤ የደረሳትም ንዮርድ ነው። እሱ ተራራዋ ላይ የተኩላ ጩኸት አስጠላው፤ እሷን ባሕር ዳር ወፎቹ እንቅልፍ ነሷት። ተለያዩ።

ፖሲዶን ባሕሩን የያዘው በዕጣ ነው፤ የሚከራከረውም በወሰኑ ነው። ንዮርድ አማልክቱ መሀል የተቀመጠው በመያዣነት፣ ያገባውም በደም ካሣ ነው። ሁለቱን «የባሕር አምላክ» በሚል አንድ መስመር ላይ የሚጽፍ ሠንጠረዥ ይህን ሁሉ ይጥለዋል። ወዳጃችን ግን ሠንጠረዡን አልተወም፤ አርጤምስን በጦርነት ዓምድ ውስጥ ጨምሬያታለሁ ብሎኛል።