ሰውየው እኮ አልታመሙም

የአንድ ባልደረባችን አባት አረፉ። ሙስሊም ናቸው። ለለቅሶው ባነር ይሠራ ተባለና ጽሑፉን አንዱ ልጅ ጽፎ መጣ። ጅማ፣ ሂርማታ መርካቶ አካባቢ ጀበና ቡና ይዘን ስናነበው፣ መሀሉ ላይ «አባታችንን አላህ ይማራቸው» ይላል።

የስቶር ኃላፊዋ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ተቆጣች።

«ሰውየው እኮ አልታመሙም! ትናንት ቀበርናቸው!»

«እህቴ፣ ‹አላህ ይርሐማቸው› አይደል የምትሉት?» አላት። «ረሕመት ምሕረት ነው። ያንኑ በአማርኛ ጻፍኩት።»

«በአማርኛ ‹ይማርህ› የሚባለው ለማን ነው? አልጋ ላይ ለተኛ ሰው። ወይ ላስነጠሰ፤ እሱም ‹ያኑርህ› ይልሃል። ሞቶ ‹ያኑርህ› የሚል አለ?»

ሹፌሩ ገባበት፦ «ታዲያ ‹ነፍስ ይማር› በሉትና ይለቅ!»

እዚህ ላይ ትንሽ አሰበች። «ሐሳቡስ ልክ ነው» አለች። «ጀናዛ ላይ ስንሰግድ ለሟቹ ምሕረት እንለምናለን። ጎረቤት ‹ነፍስ ይማር› ቢለኝም አልቀየምም። ግን እሱ የክርስቲያን ለቅሶ ቃል ነው። ቤተሰቡ በር ላይ ተሰቅሎ ሲያየው የሌላ ሰው ባነር ይመስለዋል።»

እስካሁን ዝም ያለው ጴንጤ ጓደኛችን ሲኒውን አስቀመጠ። «እኛ ቤት ነገሩ ይገለበጣል» አለ። «ቃሉን እናውቀዋለን፣ ሐሳቡን ነው የማንቀበለው። አያቴ ሲሞቱ አንድ ሰው ‹ነፍስ ይማር› ሲል የአጎቴ ፊት ተለዋወጠ። ለሞተ ሰው አንጸልይም። ‹እግዚአብሔር ያጽናናችሁ› ብትሉን ይበቃናል።»

ልጁ ግራ ገባው። «ታዲያ ምን ልጻፍ?»

እኔ ከሴትዮዋ ጋር ነኝ። ልጁ መዝገበ ቃላቱን አልሳተም፤ የሳተው «ይማር» በአማርኛ ያለ «ነፍስ» ለሞተ እንደማይባል ነው። «ነፍስ» ሲጨመርበት ደግሞ ቃሉ የአንድ ወገን ለቅሶ ይሆናል። ስለ ሟቹ የሚባለውን ባይተረጉመው ይሻል ነበር፤ «አላህ ይርሐማቸው» ጅማ ውስጥ ማን አይገባውም? ለቋሚው የሚባለው ግን ብዙ አያስቸግርም። «ያጽናችሁ» ማለት በየትኛውም ቤት ያስኬዳል።

አንድ ነገር ላይ ግን ልጁን ደገፍኩት። ላይኛውን መስመር በዐረብኛው «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ካልነው፣ ከሥሩ ትርጉሙ ይግባ አለ። «እኛ የአላህ ነን፤ ወደ እርሱም ተመላሾች ነን።» ቁርኣን ውስጥ ያለ ቃል ነው፣ በአማርኛም ያው ሐዘን ነው የሚሰማህ። ከዚያ «አላህ ይርሐማቸው»፣ መጨረሻ ላይ «ለቤተሰቡ አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ»።

ሴትዮዋ ሁለቴ አነበበችው። «አሁን አሳትመው» አለችና ሁለተኛ ቡና አዘዘች።